ጎርፍ ሱቅዎን ዘግቶብዎ ከሆነ፦ የጠፋውን ትርፍ እንዴት አስልተው ካሳ ይጠይቃሉ?

ሸዋ ሮቢት ላይ የሚነግድ ሰው ክረምት ሲመጣ ሰማዩን ብቻ አይደለም የሚያየው። ወደ ጣርማበር ተራሮችም ያያል። ላይ ደጋው ላይ ዶፍ ከወረደ፣ ታች ቆላው ላይ ጠብ ሳይል እንኳን ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ውኃው ከገባ በኋላ ስለረጠበው ዱቄት እና ስለተቃጠለው ሞተር ካሳ መጠየቅ ብዙ ሰው ያውቅበታል። የሚረሳው ሌላው ነው፦ በሩ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ሳይሸጥ የቀረው። የቤት ኪራዩ እና የሠራተኛ ደመወዙ ግን ያው እየቆጠረ ነው።

ይህን የሚሸፍነው የንግድ ሥራ መቋረጥ ኢንሹራንስ ነው። የካሳ መጠየቂያው ደብዳቤ ራሱ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ሥራው ያለው ከጀርባው ባለው ስሌት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዳቦ ቤት ይዘን እስከ መጨረሻው ቁጥር እንሂድ። ዳቦ ቤቱም ቁጥሮቹም ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው፤ አሠራሩ ግን በተለመደው ፖሊሲ መሠረት ነው።

መጀመሪያ ፖሊሲውን ያውጡ

ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ሦስት ነገር ይፈልጉ።

አንደኛ፣ ጎርፍ ተሸፍኗል ወይ? የንግድ መቋረጥ ሽፋን ብዙ ጊዜ የእሳት ፖሊሲን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ጎርፍ ደግሞ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት በተለጣፊ ገጽ የሚጨመር ነው። ያ ገጽ ከሌለ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ የንብረት ካሳው ተቀባይነት አግኝቷል ወይ? የንግድ መቋረጥ ካሳ ብቻውን አይቆምም። መድን ሰጪው በመጀመሪያ ለንብረቱ ጉዳት መክፈል ወይም ኃላፊነቱን ማመን አለበት። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች አብራችሁ አስገቡ፤ የንብረት ካሳው መዝገብ ቁጥርም በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ይጠቀስ። አንድ የሚያጋጥም ነገር ልጨምር። ውኃው ሱቁ ውስጥ ሳይገባ መንገዱን ቆርጦ ደንበኛ ቢቀር፣ መሠረታዊው ፖሊሲ አይከፍልም፤ ምክንያቱም የእርስዎ ንብረት አልተጎዳም። ለዚህ «መግቢያ መከልከል» የሚል ተጨማሪ ሽፋን ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከፍተኛው የካሳ ጊዜ ስንት ወር ነው? ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ጊዜው መቁጠር የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው። የሚያበቃው ግን በሩ ሲከፈት አይደለም፤ ሽያጩ ወደ ቀድሞው ቦታ ሲመለስ ነው፣ ከከፍተኛው ጊዜ እስካላለፈ ድረስ። ይህን ያሰምሩበት። ወደታች እንመለስበታለን።

ለመድን ሰጪው ወዲያው፣ በተቻለ ዛሬውኑ፣ በጽሑፍ ያሳውቁ። ቁጥሩ ባይታወቅም ችግር የለውም። «በዚህ ቀን ጎርፍ ገብቶ ሥራ ቆሟል» የሚል አጭር ደብዳቤ በቂ ነው። የውኃው ምልክት ግድግዳው ላይ ሳይታጠብ ፎቶ ይነሣ፤ ሜትር ዘርግታችሁ ከፍታው እንዲታይ አድርጉ። ከቀበሌም ጎርፉ የደረሰበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ይውጣ።

ደረጃ 1፦ የጥቅል ትርፍ መቶኛውን ማውጣት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያም ሳይቀር።

የሒሳብ ሠራተኛዎ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ የጻፈው ጥቅል ትርፍ እና ኢንሹራንሱ የሚያውቀው ጥቅል ትርፍ አንድ አይደሉም። የሒሳብ ሠራተኛው የጋጋሪዎቹን ደመወዝ እና የምድጃውን መብራት ከማምረቻ ወጪ ውስጥ ቆጥሮ ይቀንሳቸዋል። ኢንሹራንሱ ግን የሚቀንሰው በፖሊሲው ላይ በስም የተዘረዘሩትን፣ ሽያጭ ሲቀንስ አብረው የሚቀንሱ ወጪዎችን ብቻ ነው። ለዳቦ ቤት እነዚህ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ እርሾ፣ ፌስታል እና የማድረሻ ነዳጅ ናቸው እንበል። ደመወዝ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አይቀነስም። ኪራይም እንደዚያው። ሱቅ ቢዘጋም የሚከፈሉ ናቸዋ! ካሳው የሚመጣውም እነሱን ለመሸፈን ነው።

የእኛ ዳቦ ቤት ያለፈው የበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ እንዲህ ነበር፦

ጠቅላላ ሽያጭ፦ 9,000,000 ብር
ሲደመር የሰኔ 30 ቆጠራ (የቀረ ዕቃ)፦ 280,000
ድምር፦ 9,280,000

ሲቀነስ የዓመቱ መጀመሪያ ዕቃ፦ 250,000
ሲቀነስ የዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና እርሾ ግዥ፦ 5,130,000
ሲቀነስ ፌስታልና ማሸጊያ፦ 180,000
ሲቀነስ የማድረሻ ነዳጅ፦ 120,000
ጥቅል ትርፍ፦ 3,600,000 ብር

3,600,000ን ለ9,000,000 ስናካፍል 40 በመቶ ይመጣል። መቶኛችን ይህ ነው።

አሁን በሒሳብ ሠራተኛው መንገድ የጋጋሪዎቹን 900,000 ብር ደመወዝ እና የምድጃውን 300,000 ብር መብራት ብንቀንስ ኖሮ፣ ጥቅል ትርፉ 2,400,000፣ መቶኛው 26.67 ይሆን ነበር። በዚህ ቁጥር ጥያቄ ያቀረበ ሰው ከ130,000 ብር በላይ በገዛ እጁ ትቷል። መድን ሰጪው የሚልከው የጉዳት ገማች ደግሞ «አነስ አድርገሃል» ብሎ አያስታውስዎትም።

ሁለት ማሳሰቢያ። ሽያጩ ቫትን አይጨምርም፤ ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ቀንሱት። ጎርፉ የመጣው ነሐሴ ላይ ከሆነ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ገና መዘጋቱ ነው፤ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ነው የሚያሳውቀው። ለኢንሹራንሱ የሰጡት ቁጥር እና ለገቢዎች የሚያሳውቁት ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ገማቹ የግብር ማሳወቂያውን እና የሽያጭ ማሽኑን ዜድ ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚያነበው። ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ዳቦ ለካሳ ሲሆን እንዳልተሸጠ ነው።

ደረጃ 2፦ ጎርፉ ባይመጣ ስንት ይሸጥ ነበር?

ውኃው ነሐሴ 4 ለሊት ገባ እንበል። ማቡኪያው እና የምድጃው ሞተር ሰጠሙ። ዳቦ ቤቱ ከነሐሴ 5 ጀምሮ ተዘግቶ መስከረም 20 ተከፈተ። ያ 50 ቀን ነው። ግን በተከፈተ ማግስት ደንበኛው ሁሉ አልተመለሰም። አንዳንድ ሆቴሎች ሌላ ዳቦ አቅራቢ ለምደዋል። ሽያጩ ወደ ቦታው የተመለሰው ጥቅምት 14 ነው። ተጨማሪ 25 ቀን መሆኑ ነው። የካሳ ጊዜያችን እንግዲህ 75 ቀን ነው።

መነሻው ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ቀናት ሽያጭ ነው፤ ከነሐሴ 5 እስከ ጥቅምት 14። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማወዳደር ጥሩ ጎን አለው። ፍልሰታ፣ እንቁጣጣሽ እና መስቀል በሁለቱም ዓመት እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው። የሙስሊም በዓላት ግን በየዓመቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ በአንደኛው ዓመት ብቻ ከገባ በማስታወሻ ይገለጽ። ጳጉሜም በአንዱ ዓመት ስድስት በሌላው አምስት ከሆነች የአንድ ቀን ልዩነት አለ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን እናንተው ቀድማችሁ ካነሣችኋት ገማቹ ሌላውንም ቁጥራችሁን በበጎ ዓይን ያየዋል።

ያለፈው ዓመት የ50 ቀኑ ሽያጭ 1,180,000፣ የ25 ቀኑ 620,000፣ በድምሩ 1,800,000 ብር ነበር።

ግን ዘንድሮ ሥራው አድጎ ነበር። ይህን የሚያሳየው ከጎርፉ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ግንቦት፣ ሰኔ እና ሐምሌ አምና 2,000,000 ብር ተሸጠ፣ ዘንድሮ 2,200,000። የ10 በመቶ እድገት ነው። ስለዚህ መነሻው ወደ 1,980,000 ብር ያድጋል፦ 1,298,000 ለተዘጋበት ጊዜ፣ 682,000 ለኋለኛው።

እዚህ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ቀድመው ያዘጋጁ። እድገቱ የመጣው ብዙ ዳቦ ስለተሸጠ ነው ወይስ የዳቦ ዋጋ ስለጨመረ? የዱቄት ዋጋ ጨምሮ የዳቦው ዋጋ ተከትሎ ከሆነ፣ ሽያጩ ቢያድግም 40 በመቶው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የዘንድሮውን የሦስት ወር የዱቄት ግዥ ደረሰኝም አያይዙ። በእኛ ምሳሌ መቶኛው እንዳልተለወጠ ደረሰኞቹ አሳይተዋል እንበል።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ የተሸጠው እና የጎደለው

ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከነሐሴ 12 ጀምሮ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሌላ ዳቦ ቤት ምድጃ በሌሊት ተከራይቶ ለሆቴሎች እና ለሱቆች ጋገረ። በዚህ መንገድ 450,000 ብር ሸጠ። ከተከፈተ በኋላ በ25 ቀን 550,000 ሸጠ። ድምር 1,000,000።

ሌላ ቦታ የተጋገረው ሽያጭም እንደ ራሱ ሽያጭ ይቆጠራል። መደበቅ አያዋጣም፤ ደረሰኙ በራሱ ስም ነው የተቆረጠው።

የጎደለው ሽያጭ፦ 1,980,000 − 1,000,000 = 980,000 ብር
የጠፋው ጥቅል ትርፍ፦ 980,000 × 40% = 392,000 ብር

ከላይ አስምሩበት ያልኩትን አሁን ተመልከቱ። ባለቤቱ «የተዘጋነው 50 ቀን ነው» ብሎ እዚያው ቢያቆም፣ የሚያገኘው 339,200 ብር ብቻ ነበር። ከተከፈተ በኋላ የጎደለው 132,000 ብር ሽያጭ፣ ማለትም 52,800 ብር ትርፍ፣ ይቀርበት ነበር።

ደረጃ 4፦ ተጨማሪ ወጪዎች

የሚከፈለው ሽያጭ እንዳይቀር ወይም እንዳይቀንስ ብቻ ተብሎ፣ በግድ እና በአግባቡ የወጣ ወጪ ነው። የእኛው ይኸው፦

የምድጃ ኪራይ፣ 43 ሌሊት × 1,500 = 64,500
የባጃጅ ማመላለሻ፣ 43 × 600 = 25,800
የጋጋሪዎች የሌሊት አበል፣ 43 × 900 = 38,700
የመከፈት ማስታወቂያ (ባነር እና ድምፅ ማጉያ) = 6,000
ድምር 135,000 ብር

አሁን ፈተናው። ወጪው ካዳነው ትርፍ መብለጥ የለበትም። የምድጃ ኪራዩ ያዳነው ሽያጭ 450,000 ነው፤ በ40 በመቶ 180,000 ብር ትርፍ። 135,000 ከዚያ በታች ስለሆነ ሙሉው ያልፋል። ያዳነው ሽያጭ 300,000 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው 120,000 ይሆናል፤ የቀረችው 15,000 ከራስ ኪስ ነች። ስለዚህ ውድ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን ስሌት በወረቀት ጀርባ ሞክሯት። ከተቻለም መድን ሰጪውን በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ሁለት ነገር እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይግቡ። አንዱ የረጠበው ዱቄት እና የሞተሩ ጥገና ነው፤ እሱ የንብረት ካሳ ነው። ሌላው የመደበኛ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። «ሥራ ሳይኖር ደመወዝ ከፍያለሁ» ብለው ለየብቻ የሚያስገቡ አሉ። ደመወዙ ቀድሞውኑ በ40 በመቶው ውስጥ ተቆጥሯል። ሁለቴ መጠየቅ ይሆናል፣ ገማቹም ያኔ ሌላውን ቁጥር ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። የሌሊት አበሉ ግን ከመደበኛው በላይ ስለሆነ ይገባል።

ደረጃ 5፦ የተቆጠበውን መቀነስ

በ40 በመቶው ውስጥ ካሉ ወጪዎች በመዘጋቱ ምክንያት ያልተከፈለ ካለ ይቀነሳል። ለዳቦ ቤታችን አከራዩ የአንድ ወር ኪራይ 40,000 ብር ምረውታል። ምድጃው ስለቆመ የመብራት ክፍያው በ36,000 ብር ቀንሷል። ድምር 76,000። አከራዩ በደግነት ማሩ እንጂ ግዴታ አልነበረባቸውም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ግን ወጪው አልወጣም፣ ስለዚህ ካሳም የለውም።

392,000 + 135,000 − 76,000 = 451,000 ብር

ደረጃ 6፦ መድን የተገባበት መጠን በቂ ነበር?

ይህ ክፍል አይወደድም። ዓመታዊው ጥቅል ትርፍ ከመድኑ መጠን ከበለጠ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። የሚታየው ከጎርፉ በፊት ያለው 12 ወር ሽያጭ ነው፤ ለቀላልነት 9,000,000 እንያዘው። እድገቱ ሲጨመር 9,900,000፣ በ40 በመቶ 3,960,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ መድን የገባው 2,970,000 ብር ላይ ከሆነ የሸፈነው 75 በመቶውን ብቻ ነው። ካሳውም 451,000 × 75% = 338,250 ብር ይሆናል። መጠኑ 3,960,000 ወይም ከዚያ በላይ ከነበረ ሙሉው 451,000 ይጠየቃል። ፖሊሲው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት የማይከፍል ከሆነም የእነዚያ ቀናት ጉድለት ከደረጃ 3 ላይ ይወጣል። የእኛው ዳቦ ቤት መጠኑ በቂ ነው፣ የማይከፈል ቀንም የለውም ብለን ደብዳቤውን እንጻፍ።

ደብዳቤው

ቀን፦ ............
ለ፦ ............ ኢንሹራንስ፣ የካሳ ክፍል
የፖሊሲ ቁጥር፦ ............
የንብረት ካሳ መዝገብ ቁጥር፦ ............

ጉዳዩ፦ በጎርፍ ምክንያት የተቋረጠ ንግድ ካሳ ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው ፖሊሲ መሠረት መድን የገባንበት፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ ቀበሌ ...... የሚገኘው ዳቦ ቤታችን ነሐሴ 4 ቀን ለሊት በገባ ጎርፍ ተጎድቶ ሥራ አቁሟል። ጉዳቱን በ...... ቀን በጻፍነው ደብዳቤ አሳውቀናል። የንብረት ጉዳቱም በ...... ቀን ተቀባይነት አግኝቷል።

ሥራው ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 19 ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል። መስከረም 20 ብንከፍትም ሽያጩ ወደ ቀድሞው የተመለሰው ጥቅምት 14 ነው። ስለዚህ የካሳ ጊዜው ከነሐሴ 5 እስከ ጥቅምት 14 ያለው 75 ቀን ነው።

የጠፋ ጥቅል ትርፍ (አባሪ 1)፦ 392,000 ብር
ተጨማሪ ወጪ (አባሪ 2)፦ 135,000 ብር
ሲቀነስ የተቆጠበ ወጪ (አባሪ 3)፦ 76,000 ብር
የተጠየቀ ካሳ፦ 451,000 ብር (አራት መቶ ሃምሳ አንድ ሺህ ብር)

የስሌቱ ማስረጃ የሆኑ ሰነዶች ተያይዘዋል። የቀሩ ማብራሪያዎች ካሉ ለመስጠት፣ መዝገቦቻችንንም ለማሳየት ዝግጁ ነን። ማጣራቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ አከራካሪ ካልሆነው መጠን ላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ፊርማ እና ማኅተም

ቅድሚያ ክፍያ የምትለዋን መስመር አትዝለሏት። ሙሉው ጊዜ እስኪያልቅ መጠበቅም የለባችሁም፤ በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት ላይ እስከዚያ ቀን ያለውን ጉድለት አስልታችሁ በዚያ ላይ መጠየቅ ትችላላችሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ የካሳ ጊዜው ካበቃ በኋላ ፖሊሲው በሚሰጠው ቀን ውስጥ ይግባ። ብዙ ጊዜ 30 ቀን ነው፣ የእናንተውን ግን አንብቡ።

አባሪዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የሁለቱም ዓመት ዜድ ሪፖርት፣ የግብር እና የቫት ማሳወቂያ፣ የሰኔ 30 ቆጠራ፣ የዱቄት ግዥ ደረሰኞች፣ የባንክ መግለጫ፣ የምድጃ ኪራይ ውል ከነደረሰኙ፣ የአበል ፊርማ ሰነድ፣ የቀበሌ ደብዳቤ እና ፎቶዎች። ለባጃጅ ደረሰኝ ማግኘት ከባድ ነው። በየቀኑ ሹፌሩን በክፍያ ማረጋገጫ አስፈርሙት፤ ስሙ፣ የታርጋ ቁጥሩ እና መጠኑ ይኑርበት። ይሄ በዚያው ሰሞን ካልተሠራ በኋላ አይገኝም።

ሰነዱ ራሱ ረጥቦ ከሆነስ? ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ቅጠሎቹን በጉልበት አታላቅቁ። የማይነበበው ደረሰኝ ቅጂ ከአቅራቢው ይገኛል። የወር ሽያጩ ከቫት ማሳወቂያው ይወጣል። ከየት እንደተተካ በአባሪው ላይ በአንድ መስመር ጻፉ። የዋናውን ኮፒ ብቻ ስጡ፤ የሰጣችሁትን እያንዳንዱን ወረቀት ደግሞ በሁለተኛው የደብዳቤው ቅጂ ላይ ቀን እና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።